ከአሜሪካ የተላከ ውክልና ለጡረታ ጉዳይ

«እናቴ አሜሪካ ናት። የሟች አባቴን ጡረታ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ እንዲያስጨርስላት ኤምባሲ ፈርማ ውክልና ላከች። ጡረታ ቢሮ ‹አልተረጋገጠም› ብሎ መለሰው። ምን ይሻላል?»

የጎደለው የአገር ቤቱ ማረጋገጫ ነው። የኤምባሲው ማኅተም ብቻውን አይበቃም። ወንድምሽ ዋናውን ወረቀት ይዞ፦

1. መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሄዶ የኤምባሲውን ማኅተምና ፊርማ ያስረጋግጥ።
2. ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ወስዶ ያስመዝግበው።

ጡረታ ቢሮ የሚመለሰው ከዚህ በኋላ ነው። በቴሌግራም የተላከ ስካን ይዞ እንዳይደክም። የጋብቻ ማስረጃውም እዚያው አሜሪካ የወጣ ከሆነ በኤምባሲው በኩል መጥቶ በውጭ ጉዳይ ማለፍ አለበት።

ግን ከመሮጡ በፊት ውክልናው ላይ የተጻፈውን አንብቡት። «ጉዳዬን ይከታተልልኝ» ብቻ ከሆነ ገና ከአሁኑ አስቀይሩት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም። አንድ ዘመዴ እንዲህ ባለ ወረቀት ፋይሉን አስከፍቶ፣ ክፍያው ላይ ሲደርስ ተመለሰ። «የጡረታ ጥያቄ እንዲያቀርብ፣ ማስረጃ እንዲያወጣ፣ ውዝፍና ወርኃዊ ክፍያ እንዲቀበል፣ አስፈላጊ ሲሆን ይግባኝ እንዲል» ተብሎ በዝርዝር ይጻፍ። የእናትሽ ስምም ከነአያቷ ጋብቻ ማስረጃው ላይ እንዳለው ይሁን።