የተኛችን ልጅ ሳትነቃ ስለማጥባት

«ልጄ 10 ሳምንቷ ነው፤ የምትጠባው ጡት ብቻ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ተኝታ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትነቃለች። እኔ የምተኛው 4 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ገና እንቅልፍ ሲወስደኝ ትቀሰቅሰኛለች። ከመተኛቴ በፊት ተኝታ ሳለች ላጥባት? አማቴ ‹የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም› ይሉኛል። ከጀመርኩስ መቼ ላቁም?»

እህቴ፣ አማትሽ የሚሉት ለአንቺ ልጅ ዕድሜ እውነት ነው። የግድ መቀስቀስ ያለበት የተወለደበትን ክብደት ገና ያልመለሰ ሕፃን ነው። አብዛኛዎቹ ይህን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሳሉ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በላይ ሳይጠቡ እንዲተኙ አይተዉም። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ዓይኑና ቆዳው ቢጫ የሆነ ሕፃን ከሆነ ደግሞ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የአንቺ ልጅ ክብደት እየጨመረች በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ በደንብ ከሸናች፣ የማታው ጥባት የሚጠቅመው አንቺን ነው። ረጅሙን እንቅልፏን ከአንቺ እንቅልፍ ጋር ያገጣጥመዋል።

እኔ ደሴ እየኖርኩ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ከወሊድ በኋላ ያለው የ90 ቀን ፈቃድ ሲያልቅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ ውስጥ መሆን ስለነበረብኝ፣ ሁለተኛ ልጄ 8 ሳምንት ሲሆናት የማታውን ጥባት ጀመርኩ። እንደ ልጅሽ 1 ሰዓት ላይ ተኝታ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትነቃ ነበር።

የመጀመሪያውን ሌሊት አበላሸሁት። መብራት አበራሁ፣ ዳይፐር ቀየርኩ፤ ከሞቀ መኝታዋ ወደ ጦሳ ብርድ አወጣኋት። ሙሉ በሙሉ ነቅታ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ዓይኗን አፍጥጣ ቆየች። ከዚያ በኋላ መብራቱ በኮሪደር ብቻ ቀረ፤ ሰገራ ካልኖረ በስተቀር ዳይፐር መንካት ተውኩ፤ እጄን አሙቄ ከነመጠቅለያዋ አነሳኋት።

ዋናው ምስጢር ግን ሰዓቱን በደቂቃ ከመጠበቅ ይልቅ እንቅልፏን ማየት ነው። ክንዷን ከፍ አድርገሽ ስትለቂው ዝልፍልፍ ብሎ ከወደቀ እንቅልፏ ከባድ ነው፤ አትጠባም። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ተመልሰሽ እያት። ከንፈሯን እንደመጥባት ስታንቀሳቅስ ወይም ከሽፋሽፍቷ በታች ዓይኗ ሲዘዋወር ካየሽ፣ ራሷን ከፍ አድርገሽ ታቀፊያትና የጡትሽን ጫፍ በታችኛው ከንፈሯ ላይ አሳልፊው። አፏን ራሷ ትከፍታለች። መዋጧን አድምጪ፤ መዋጥ ካቆመች ጡቱን አውጪ፤ ወተት በተኛ አፍ ውስጥ መከማቸት የለበትም። አንቺም ተኝተሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ አጥቢያት። ከዚያ ትከሻሽ ላይ አድርገሽ ጥቂት ጠብቂ፤ ባታገሳም በጀርባዋ አስተኛት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ምንም አልለወጡም፤ እንደልማዷ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነቃች። በአምስተኛው ሌሊት ግን እስከ 9 ሰዓት ተኩል ተኛች። ለእኔ ሳይቋረጥ አምስት ሰዓት ገደማ መተኛት ማለት ነበር። አንድ ሳምንት ያህል ሞክረሽ የምትነቃበት ሰዓት ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ተዪው፤ በዚህ የማይለወጡ ሕፃናት ብዙ ናቸው። የመጀመሪያ ልጄ እንደዚያ ነበር።

የማቆሚያውን ጊዜ የሚነግርሽ ከወሩ ቁጥር ይልቅ የልጅሽ ጠባይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ውስጥ ይመጣል። እኔ ያወቅሁት አራት ወር ተኩል ሲሞላት ነው። የማታውን ከጠባች በኋላ ሁለት ጊዜ መንቃት ጀመረች፤ ጠዋት ደግሞ ጡት አቅርቤላት ፊቷን አዞረች። እንቅልፏን የምቆርጥባት ራሴ እንደሆንኩ ጠረጠርኩ። ለመለየት ብዬ ሦስት ሌሊት ሳላጠባት ተኛሁ፤ ከሦስቱ በሁለቱ እስከ 9 ሰዓት ሳትነቃ ቆየች። ሳላጠባትም ያው ከሆነ ምን አደከመኝ?

ሆኖም በአንድ ጊዜ አላቋረጥኩትም፤ በሦስቱ ሌሊት ብቻ ጡቴ አብጦ ጠጥሮ ነበርና። አሥር ደቂቃ የነበረውን ሰባት አደረግኩት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ አምስት፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ምንም። ዐሥር ቀን ገደማ ወሰደ፤ ጡቴም አልታመመም።

አሁን 10ኛ ሳምንት ክትባቷ የሚሰጥበት ጊዜ ስለሆነ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ አስመዝኛት። ከ6ኛ ሳምንቱ ክብደቷ ጋር ያስተያዩልሽ። በሚገባ ጨምራ ከሆነ ማታ ልትሞክሪው ትችያለሽ። ካልጨመረች ግን ጉዳዩ የአንቺ እንቅልፍ መሆኑ ይቀራል፤ ሌሊቱን ብቻ ሳይሆን የቀኑንም ጥባት ከጤና ባለሙያዋ ጋር ተነጋገሩበት።