ላፕቶፑ የቢሮ፣ ስልኩ የራስሽ፦ አሠሪ በሕግ እስከምን ድረስ ያያል?

«ከቤት ነው የምሠራው። ቢሮው ላፕቶፕ ሰጥቶኛል። አሁን ደግሞ የሥራ ኢሜይል እንዲገባልሽ ስልክሽ ላይ ይህን አፕ ጫኚ ብለውኛል፤ ስልኩ ግን የራሴ ነው። በሕግ ምን ማየት ይችላሉ? ላፕቶፑ ላይ የከፈትኩት ቴሌግራምስ?»

እህቴ፣ ሁለቱን ዕቃዎች ለያይተሽ እያቸው። ላፕቶፑ የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ የትኛው ፕሮግራም እንደተከፈተ፣ የትኛው ድረ ገጽ እንደታየ፣ ምን ፋይል ወደ ፍላሽ እንደተገለበጠ መመዝገብ ይችላል፤ የሥራ ኢሜይሉንም እንዲሁ። ይህን ለመረጃ ደኅንነት ብሎ፣ አስቀድሞ ነግሮሽ ካደረገው መከራከር ይከብዳል።

ይህ ማለት ግን ያሻውን ያደርጋል ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል፤ ሥራ ላይ ስትሆኚም አይቀርም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ዓላማውን ለይቶ እንዲያሳውቅ፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይወስድና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳያቆይ ያስገድዳል። በእኔ ዕይታ በሥራ ሰዓት፣ ተነግሮሽ የሚነሳ ስክሪንሾት በዚህ መለኪያ ሊያልፍ ይችላል። ቤትሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የተከፈተ ካሜራና ማይክ ግን አያልፍም፤ የልጆችሽንና የእናትሽን ድምፅ መቅዳት ለየትኛው የሥራ ዓላማ ነው?

ወደ ቴሌግራሙ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አይቲው ላፕቶፑን በርቀት ከፍቶ፣ ሳትወጪ የተውሽውን ቴሌግራም እያገላበጠ ቢያነብ ላፕቶፑ የድርጅቱ መሆኑ አያድነውም። አካውንቱ ያንቺ ነው፤ ያለ ፈቃድ መግባትና መጥለፍ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቁ ድርጊቶች ናቸው። በሥራ ሰዓት በየ10 ደቂቃው ስክሪንሾት የሚያነሳ፣ አስቀድሞ የተነገረሽ ፕሮግራም ካለ ግን ከወንድምሽ ጋር የምትጻጻፊው ከስክሪኑ ጋር አብሮ ይነሳል። መልእክቱ በመንገድ ላይ መመስጠሩ እዚህ አይጠቅምም፤ የተነሳው ስክሪንሽ ላይ ተፈትቶ የታየው ነውና። ስለዚህ ዛሬውኑ በስልክሽ ቴሌግራም ግቢና Settings ውስጥ Devices ን ከፍተሽ የላፕቶፑን ሴሽን ዝጊው።

«የቤቴ ዋይፋይ ነው፣ ዳታውንም እኔ ነኝ የምሞላው» ማለትም አያዋጣም። ተቆጣጣሪው ፕሮግራም ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ስለሆነ አራት ኪሎ ካፌ ብትቀመጪም አብሮሽ ይሄዳል። ኢንኮግኒቶም የሚደብቀው ታሪኩን ከብራውዘሩ ብቻ ነው። ምን እንዳለ ለማወቅ ዊንዶውስ ላይ Settings ግቢ፣ Accounts ቀጥሎ Access work or school ክፈቺ፤ የድርጅቱን አካውንት ስትነኪው Info የሚል ከመጣ የሚተዳደረው ምን እንደሆነ በከፊል ያሳይሻል። ክሮም ላይ ደግሞ ይህን ጻፊ፦

```
chrome://policy
```

የተዘረዘረ ነገር ካለ ብራውዘሩ በድርጅቱ ሕግ ነው የሚሠራው። በተጨማሪ የባንክሽን ድረ ገጽ ከፍተሽ ሰርተፍኬቱን እይ፤ Issued by በሚለው ስር የድርጅትሽ ስም ከተጻፈ የተመሰጠረው ግንኙነት መሃል ላይ እየተፈታ ነው። እዚያ ላፕቶፕ ላይ የባንክ ይለፍ ቃል አታስገቢ።

ስልኩ ላይ አቋምሽ የበለጠ ጠንካራ ነው። አንድሮይድ ከሆነ Work profile ይሁንልኝ በያቸው። ይህ የሥራ አፖችን ለብቻቸው ያጥርልሻል፤ አይኮናቸው ላይ ትንሽ ቦርሳ ይታያል። ድርጅቱ ከአጥሩ ውስጥ ያለውን፣ የስልኩን ሞዴልና የሶፍትዌሩን ቨርዥን ያያል። ፎቶሽን፣ ኤስኤምኤስሽን፣ የግል ቴሌግራምሽን አያይም። ስትለቂ የሚያጠፋውም የሥራውን ክፍል ብቻ ነው። «መጀመሪያ ስልኩን ሪሴት አድርጊው» ካሉሽ ግን ቁሚ፤ ሙሉ ቁጥጥር የሚገባው አዲስ በተነሳ ስልክ ላይ ነው፣ ያኔ ሙሉ ስልኩን ከርቀት መደምሰስ ይችላሉ። ይህን ከፈለጉ የራሳቸውን ስልክ ይስጡሽ።

አፑን ከመጫንሽ በፊት ለኤችአር በኢሜይል ጠይቂ፤ በቃል አይሁን። እንዲህ ብትይ ይበቃል፦ «በላፕቶፑና በስልኬ ላይ ምን ዓይነት መረጃ ይሰበሰባል? ለምን ዓላማ? ማን ያየዋል? ስንት ጊዜ ይቆያል? ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሠራል?» የመልሱን ቅጂ ከድርጅቱ ኢሜይል ውጭ አስቀምጪ፤ የሥራ ግንኙነቱ በተቋረጠ ቀን ያ ኢሜይል ይዘጋብሻል። ከነገሩሽ በላይ እንደሚሰበስቡ ካረጋገጥሽ በአዋጁ መሠረት አቤቱታ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አሠሪሽ አውሮፓ የተቋቋመ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ብትቀመጪም የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ስለሚይዘው ያንኑ ጥያቄ በዚያም በኩል ማቅረብ ትችያለሽ።