«ስጠኝ» ዳሚ ነው ወይስ ዳሜሎ?

ልጆች፣ ጣሊያን አገር ለሐበሻ ማስተርጎም ለጀመራችሁት ነው የምጽፈው። እኔ በዚህ ሥራ አርጅቻለሁ፤ የከፋው ስህተቴ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ቃል የመጣ ነው።

ዳሜሎ አንድ ቃል ሆኖ ይጻፋል እንጂ ውስጡ ሦስት ነገር አለ። ዳ «ስጥ» ነው፣ ሜ «ለእኔ»፣ ሎ ደግሞ ዕቃው። የእኛ «ስጠኝ» ውስጥ ግን ዕቃው የለም። የአማርኛ ግስ ከኋላው የሚያስከትለው ተሳቢ አንድ ብቻ ነው። «አምጣው» ስንል ዕቃውን ያዝን፣ ፖርታሎ ነው። «አምጣልኝ» ስንል ሰውየውን ያዝን፣ ዕቃው በልባችን ቀረ፤ «አምጣውልኝ» የሚል ሰው መቼም ሰምታችሁ አታውቁም። ጣሊያንኛ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ፖርታሜሎ።

እንግዲህ አንዱ መጀመሪያ «ቁልፉን ስጠኝ» ቢል ዳሚ ላ ኪያቬ ነው። ቀጥሎ «ስጠኝ እንጂ!» ሲል ግን ዳሚ ብላችሁ ካቆማችሁ ጣሊያኑ «ምኑን?» ብሎ ያያችኋል። ዳሜላ በሉት። ኪያቬ በእነሱ ሴት ስለሆነች ነው ላ የሚሆነው፤ ገንዘብ ከሆነ ሶልዲ ብዙ ቁጥር ነውና ዳሜሊ ይሆናል። ስለዚህ መጨረሻ የተጠራውን ዕቃ በጣሊያንኛ ስሙ በአእምሯችሁ ያዙት። የዳሜሎ ሜ ጠብቃ እንደምትነበብም አትርሱ፤ «ገና» ስንል በዓሉን ከ«ገና ነው» የሚለይ ጆሮ ስላለን ለእኛ ይቀለናል። ፖርታሜሎ ላይ ግን ትላላለች። «ይስጡኝ» ሲሆን ደግሞ ሁለቱም ከግሱ ፊት ይቀድማሉ፣ ሜ ላ ዲያ።

እስካሁን ያልኩት ቢያሳስታችሁ በቀላሉ ይታረማል። የማይታረመው ሌላ ነው።

አንድ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ልጅ ስለ እናቱ የምርመራ ውጤት ሐኪሙን «አይንገሯት» አለው። አባትየውም እዚያው ቆመው ነበር። እኔ ቶሎ ብዬ ኖን ልዬሎ ዲካ አልኩ። ሰዋስዉ ምንም አይወጣለትም። ግን ልዬሎ «ለእሱ»ንም «ለእሷ»ንም እኩል ነው የሚሸከመው፤ የሰውየውን ፆታ ይውጠዋል፣ የሚያሳየው የነገሩን ብቻ ነው። የእኛ «ት» በአንድ ፊደል የነገረችው ነገር በእኔ አፍ ጠፋ። ሐኪሙ አባትየውን መስሎት ለእናትየዋ ነገራት። የልጁን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ነጠላው ላይ ልዩነቱ አለ። «ንገረው» ዲልዪ፣ «ንገራት» ዲሌ ነው። ሎ ሲጨመር ግን ሁለቱም ዲልዬሎ ይሆናሉ። አሁን ክፍሉ ውስጥ ወንድም ሴትም ካሉ ልዬሎን አልነካትም፤ እሰብራትና ሰውየውን በስሙ እጠራዋለሁ፣ ኖን ሎ ዲካ አላ ማድሬ እላለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ሐኪሙም አንዳንዴ ይቸኩላል። ይቸኩል።