እህቴ ብሩን አልቀበልም አለች፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እህቴና እኔ በእናታችን ቤት ምክንያት ፍርድ ቤት ነን። ሀዋሳ አቶቴ ባለው ግቢ ሦስት ሰርቪስ ክፍል አለ፣ እናታችን ካረፈች ጀምሮ 28 ወር እያንዳንዱን በ2,500 ብር አከራይቼ ለሷ አልሰጠኋትም፣ አልክድም። ድርሻዋ 105,000 ብር ይመጣል፣ እኔ ለሰላም ብዬ 120,000 ልስጣት አልኩ፣ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፣ እምቢ አለች። ንስሐ አባቴ ደግሞ ሳትታረቅ አትቆርብም ብለውኛል። ክርስቲያን አይደለች እንዴ? ለእግዚአብሔር ብላ ይቅር ማለት የለባትም? ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ ሰላም ላንተም ይሁን። በስልክ ስናወራ የነገርከኝን ጨምሬ ነው የምመልስልህ፣ ለሌላውም ይጠቅማል ጻፈው ስላልከኝ።

መጀመሪያ ይቅር ማለት የለባትም ወይ ላልከው። አለባት፣ እሱን ግን እሷ ከንስሐ አባቷ ጋር ትጨርሰው፣ ያንተ ጉዳይ አይደለም። ጌታ በሉቃስ 17 ላይ ይቅር በሉ ሲል የበደለው ሰው «ተጸጸትሁ» እያለ ሲመጣ ነው የሚያሳየን፣ አንተ እስካሁን እሷ ጋ እንዲህ ብለህ አልሄድክም። ማቴዎስ 5፥23ንም ቀስ ብለህ አንብበው፣ መባህን ትተህ ሂድ የተባለው ወንድሙ በሱ ላይ አንዳች ነገር ያለበት ሰው ነው፣ እዚህ ቤት ውስጥ እሱ አንተ ነህ። በዳይ ሆኖ ተበዳይን ስለ ይቅርታ ማስተማር ደግሞ ሁለተኛ በደል ነው፣ ይሄን ስልህ አትቀየመኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ከድርሻዋ በላይ እየሰጠሃት ለምን እምቢ አለች? ሽማግሌዎቹ ምን አሏት ብዬ ስጠይቅህ «ወንድምሽ ለሰላም ብሎ ከሚገባሽ በላይ እየሰጠሽ ነው፣ ተቀበዪና ተሳሳሙ» አሏት ብለኸኛል። ባለፈው ሙት ዓመት ላይ ደግሞ ዘመድ በተሰበሰበበት «ለብር ብላ ወንድሟን ከሰሰች» ብለሃል። እስቲ እሷ ቦታ ሆነህ አስበው። እናታችሁን ያስታመመች እሷ፣ ኪራዩ የተበላባት እሷ፣ በዘመድ ፊት ስግብግብ የተባለችው እሷ። አሁን ብሩን ተቀብላ ክሱን ብታነሳ ዘመዱ ምን ይላል? «ይኸው ብር ስታገኝ ዝም አለች፣ ልጁ ግን ደግ ነው፣ ጨምሮ ሰጣት» ነው የሚለው። እሷ ተበድላለች የሚል ቃል የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ የክሱ ፋይል ላይ። ስለዚህ ፋይሉን አትለቅም፣ ብትጨምርላትም አትለቅም፣ እንደውም በጨመርክ ቁጥር አፌን በብር ሊያዘጋኝ ነው ብላ ትጠነክራለች። ያንን ቃል አንተ በአፍህ ስትናገረው፣ በተለይ ስሟን ባጠፋህበት ሰው ፊት ስትናገረው፣ ያኔ ፋይሉን ይዛ የምትቆይበት ምክንያት ያልቃል። የእውነት ይቅርታ እርቅን የሚከፍተው በዚህ መንገድ ነው፣ ተበዳዩ ሳይዋረድ እንዲለቅ መንገድ ይሰጠዋል። በውርስ ክርክር ይሄን ደጋግሜ ያየሁት ነው፣ ሰው የሚጣላው በብር ይመስላል፣ በልቡ የሚቀረው ግን የበደለው ሰው «አላደረግኩም» ማለቱ ነው።

መጽሐፉም ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል። ዘኍልቁ 5፥6-7 ላይ የበደለ ሰው መጀመሪያ የሠራውን ይናዘዛል፣ ቀጥሎ ዋናውን ይመልሳል፣ በላዩም አምስተኛ እጅ ይጨምራል፣ የሚሰጠውም ለተበደለው ሰው ነው። አንተ ከመጨረሻው ጀመርክ፣ ጭማሪውንም «ለሰላም ብዬ» ስላልክ ስጦታ ሆነ። ኑዛዜውን ተከትሎ ቢመጣ ካሳ ይሆን ነበር። (በዚያ ሒሳብ አምስተኛው 21,000 ነው የሚሆነው፣ ከጨመርከው ይበልጣል፣ አቅምህ ከቻለ አስብበት።) እዚሁ ሀዋሳ የሲዳማ አባቶችም ሶንጎ በሚሉት የሽማግሌዎች ጉባኤ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ሃላሌ የሚሉት እውነቱ እንዲወጣ ነው አጥብቀው የሚፈልጉት፣ የኛ ሽማግሌዎች ግን አንዳንዴ ለሰላም ከመጓጓታቸው የተነሳ ማንም ምንም ሳይናገር ተሳሳሙ ይላሉ፣ ሰዎቹ ይሳሳማሉ፣ በሳምንቱ ቀጠሮ ላይ ይገናኛሉ።

እንዴት ይባላል ላልከው፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፈው። ለሷ የምትሰጣት ወረቀት አይደለም፣ አንተ ከምን እየሸሸህ እንደሆነ እንድታይበት ነው። ከነገርከኝ ተነስቼ ልጻፍልህ፣ ከእውነቱ የሚርቅ ካለ በራስህ ቃል አስተካክለው፦

«እናታችን ካረፈች ጀምሮ 28 ወር ሦስቱን ክፍል አከራይቼ ብሩን ለብቻዬ በላሁት። ግማሹ ያንቺ እንደሆነ አውቅ ነበር። ስትጠይቂኝ ለጥገና ወጣ ብዬ ዋሸሁሽ። ሙት ዓመቱ ላይ ለብር ብላ ከሰሰችኝ ብዬ በዘመድ ፊት ስምሽን አጠፋሁ። እማዬን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ፣ እሱን አንድም ቀን አልመሰከርኩልሽም። በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

እዚህ ውስጥ «ካስቀየምኩሽ» የሚል የለም፣ ምክንያቱም ካስቀየምኩሽ ስትል ተቀይማ እንደሆነ ገና አላወቅክም ማለት ነው። «ለሁሉም ነገር ይቅርታ» የሚልም የለም፣ ለሁሉም የተባለ ይቅርታ ለአንዱም አልደረሰም። «ግን» የለም። ያኔ ሥራ አጥቼ ነበር፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ነበረባቸው፣ እውነት ሊሆን ይችላል፣ እሷ ለምን ብላ ከጠየቀችህ በአጭሩ ንገራት፣ ካልጠየቀችህ ግን ተወው። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ክሱን አንሺልኝ» የሚል የለም። ንጉሥ ሳኦል በ1ኛ ሳሙኤል 15፥30 ላይ በድያለሁ ብሎ ወዲያው በሕዝቤ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ አለ፣ ይቅርታው ክብሩን ማዳኛ ሆነ። አንተም በአንድ ትንፋሽ ይቅርታና ክስ ካገናኘህ የሰማችው ክሱን ብቻ ነው።

ቴሌግራም ላይ በቮይስ እንዳትልከው፣ ሽማግሌም ወክሎህ እንዳይናገር። ሽማግሌ የብሩንና የቤቱን ነገር ያስማማ፣ በድያለሁ የሚለው ቃል ግን ካንተ አፍ ነው መውጣት ያለበት። ከላክሃቸው ሽማግሌዎች እሷ የምታከብረውን አንዱን ብቻ ወይም ንስሐ አባቷን ለምንና «ሊያናግርሽ ይፈልጋል፣ ስለ ብር አይደለም» ብለው ይጠይቁልህ፣ ቦታውንም ቀኑንም እሷ ትምረጥ። ሽማግሌውን አስቀድመህ «አባቴ፣ ስትናገር አያቋርጧት፣ ተሳሳሙም አይበሉን» ብለህ ንገራቸው፣ ይሄ ድፍረት አይደለም፣ ይገባቸዋል።

ከተናገርክ በኋላ ዝም በል። ብዙው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። እሷ ወዲያው አልቅሳ የምታቅፍህ እንዳይመስልህ፣ ምናልባት ትቆጣለች፣ «28 ብቻ ነው? የሚያዝያውስ? እማዬ ሆስፒታል ስትተኛ የት ነበርክ?» ትልሃለች። ሰው ይሄን ሲሰማ ይኸው ይቅርታ ብጠይቃትም አልበቃትም ብሎ ይነሳና መከላከል ይጀምራል። እኔ ግን ሲያፋጥጡህ ደስ ይበልህ ነው የምልህ፣ የምታስተካክልህ ቃልህን ስለተቀበለችው ነው፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው «እሺ፣ ጨረስክ?» ብሎ ነው የሚወጣው። ያልጠቀስከውን ስታነሳ እውነት ከሆነ «አዎ እሱንም አድርጌአለሁ» በል፣ እውነት ካልሆነ እዚያው አትሟገት፣ «እሱን አይቼ እነግርሻለሁ» ብለህ ሄደህ በደንብ አጣራ። ለሰላም ብለህ ያላደረግከውን አድርጌአለሁ አትበል፣ ሐሰት ላይ የቆመ እርቅ የሚቆየው ሐሰቱ እስኪታወቅ ድረስ ነው።

ቀጥሎ ዘመዶቹ። ስሟ የጠፋው በሕዝብ ፊት ስለሆነ ጓዳ ውስጥ የተባለ ይቅርታ ብቻውን አይመልሰውም። ግን መጀመሪያ ለሷ ለብቻዋ፣ ከዚያ ፈቃዷን ጠይቀህ ያን ቀን ለነበሩት፣ ቢያንስ ለትልልቆቹ፣ «ስለ እህቴ ያልኩት ውሸት ነበር፣ ኪራዩን የበላሁት እኔ ነኝ» በላቸው። ይሄ ከ120,000ው በላይ ይከብድሃል፣ አውቃለሁ። ምናልባት ብሩን የጨመርከውም ይሄን ላለመናገር ነው፣ እስቲ ራስህን መርምር።

ብሩን በዚህ መሃል አምጣው፣ ሒሳቡን ወር በወር ከነተከራዩ ክፍያ ጽፈህ፣ ይቅር ብትልህም ባትልህም የሷ ነው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ሰዎቹ ይቅር ካሉኝ አላለም።

ፍርድ ቤቱን በተመለከተ ደግሞ፣ በድያለሁ ካልኩ ሁሉን አጣለሁ ብለህ ፈርተሃል። ሁለት ነገር አታደባልቅ፣ ኪራዩና የዋሸኸው አንድ ነገር ነው፣ ቤቱ ይሸጥ ወይስ አንዳችሁ ይውሰዱት የሚለው ሌላ ነው፣ ሁለተኛው ላይ የራስህ ሐሳብ ቢኖርህ ኃጢአት የለውም፣ በሰላም ተነጋገሩበት። ኪራዩን እንደሆነ ራስህ አልክድም ብለሃል፣ እያመንክ የምትሟገተው ለምንድነው? ጠበቃህን ግን ቀድመህ አናግረው፣ ድንገት እንዳይሰማው። ከተስማማችሁ ደግሞ በቃል ብቻ እንዳትተዉት፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 ተከራካሪዎች በማንኛውም ጊዜ ክሱን በእርቅ መጨረስ ይችላሉ፣ የተስማማችሁበትን ብር፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ የቤቱን ነገር በዝርዝር ጽፋችሁ ፈርማችሁ ለፍርድ ቤቱ ታቀርባላችሁ። ለሷም ዋስትና ነው፣ ቃልህን አንዴ አጥፈህባታልና ጻፍልኝ ብትል አትከፋ።

ላትቀበልህም ትችላለች፣ ቢያንስ ለጊዜው። በየሳምንቱ ሰው እየላክህ አታስጨንቃት። ብሩን ክፈል፣ ለዘመዶቹ እውነቱን ተናገር፣ ከዚያ ለንስሐ አባትህ ያደረግከውን ሁሉ ንገራቸው፣ ስለ ቁርባኑ እሳቸው ይወስናሉ። ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ እንደሆነ አልነገርከኝም፣ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ግን አትሂድ፣ ከቀጠሮ ዋዜማ የመጣ ይቅርታ ማንም አያምነውም፣ ቅርብ ከሆነ ካለፈ በኋላ አድርገው።