ሂራጋና ለብቻው፣ ካታካናና ካንጂ አብረው

ጥያቄ፦ «እኔና እህቴ ጃፓንኛ መጻፍ ልንጀምር ነው። ሂራጋናና ካታካናን ሁለቱንም ሳንጨርስ ካንጂ ብንነካ ይደባለቅብናል? በየትኛው ተራ፣ በስንት ቀን እንሂድ?»

ሂራጋናና ካታካና ድምፅን የሚጽፉ ፊደሎች ናቸው፣ ካንጂ ደግሞ ትርጉም የያዙ ምልክቶች። ሂራጋናን ለብቻው ጨርሱ። ካታካናን ግን እስክትጨርሱ አትጠብቁ፤ ከመጀመሪያዎቹ ካንጂዎች ጋር አብራችሁ ያዙት። ሂራጋና የሚቀድመው የግሥ መጨረሻዎችና ቃላትን የሚያያይዙት ትንንሽ ቃላት የሚጻፉበት ስለሆነ ነው። የካንጂ ንባብም ለጀማሪ የሚጻፈው በእሱ ነው።

መሠረታዊዎቹ የሂራጋና ፊደሎች 46 ናቸው። በቀን አምስት፣ ማለትም አንድ መስመር፣ ብትይዙ በአሥር ቀን ያልቃሉ። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ልማድ ያታልላል። ከ፣ ኩ፣ ኪ በመልክ አንድ ቤት ናቸው፤ か、き、く ግን በመልክ አይዛመዱም። ስለዚህ የቤተሰብ ምልክት አትፈልጉ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ያዙ። እንደ እኛ በጭማሪ የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው፦ か (ካ) ላይ ሁለት ጭረት ስታክሉ が (ጋ) ይሆናል፣ は (ሃ) ደግሞ ば (ባ)። እነዚህን እንደ አዲስ ፊደል አትቁጠሯቸው፤ ሦስት አራት ቀን ይበቃቸዋል።

አማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚስተው ትንሿን っ ነው። እኛ «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉን አጥብቀን፣ «ገና ነው» የምንለውን ደግሞ አላልተን እናነባለን፤ ወረቀቱ ላይ ልዩነት የለም። ጃፓንኛ ግን መጥበቁን ይጽፋል። きて «ና» ሲሆን きって ቴምብር ነው። ጆሯችን ልዩነቱን በደንብ ይሰማል፣ እጃችን ግን ምልክቱን ይዘላል። የአናባቢ ርዝመት ደግሞ በተቃራኒው ጆሮንም ያመልጣል፦ おばさん አክስት ነች፣ おばあさん ሴት አያት። አንድ あ ቀረ ማለት ዘመድ ተለወጠ ማለት ነው።

ፊደሉን እያዩ መገልበጥ ማወቅ አይደለም። አንዳችሁ በማግሥቱ ጠዋት ትናንትና የተያዙትን አዘበራርቃችሁ አንብቡ፣ ሌላዋ በቃሏ ትጻፍ፤ ከዚያ ተቀያየሩ። ከ46ቱ 40 ያህሉ ሳያመነቱ ሲወጡ ወደ ፊት እለፉ፣ የቀሩት በማንበብ ይጠነክራሉ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ በብዙ የኅትመት ፊደል き እና さ ታችኛው ቅስት ከላዩ ጋር የተያያዘ ይመስላል፣ በእጅ ሲጻፍ ግን ይለያያል። ስለዚህ የስልክ ፊደል አትገልብጡ፤ የእጅ ጽሕፈት ሞዴል ያለው ደብተር ይሻላል።

አሁን ካታካና። ለብቻው የተያዘ ካታካና ቶሎ ይረሳል፣ ምክንያቱም በጀማሪ ጽሑፍ ውስጥ እምብዛም አይመጣም። ከካንጂ ጋር ግን ይደጋገፋሉ፤ ካታካና የተሠራው ከካንጂ ቁራጭ ነውና። イ (ኢ) የመጣው ከ伊 ግራ ጎን ነው። ያው ቅርጽ 休 (ማረፍ) ግራ ላይ ቆሞ «ሰው» ማለት ነው፤ ቀኙ 木፣ ዛፍ። ሰው ዛፍ ሥር ሲያርፍ። カ፣ ロ እና ニም ከ力 (ጉልበት)፣ ከ口 (አፍ) እና ከ二 (ሁለት) ጋር በመልክ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። በቀን አምስት ካታካናና ሁለት ካንጂ ያዙ፤ በአሥር ቀን ካታካናው ሲያልቅ ወደ 20 ካንጂ ይኖራችኋል።

የካታካና መለማመጃ ስሞች ይሁኑ፦ エチオピア (ኢትዮጵያ)፣ コーヒー (ቡና)። በ1964 የቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ アベベ ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፣ ያውም ベ ከሂራጋናው べ ጋር አንድ ይመስላል። የሚያስቸግሩት シ (ሺ)፣ ツ (ጹ)፣ ソ (ሶ) እና ン (ን) ናቸው። በመልክ ለመለየት አትታገሉ፣ የእጅ አካሄዳቸውን ያዙ። シ እና ン ረጅሙ ጭረታቸው ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ツ እና ソ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሂራጋናዎቹም し ከታች ወደ ላይ ታጥፎ ያልቃል፣ つ ከላይ ወደ ታች ይታጠፋል።

ከካንጂ በሳምንቱ ቀናት ጀምሩ፦ 月 火 水 木 金 土 日። የቀን ስም ሲጻፍ ከእነዚህ በአንዱና በመጨረሻው 日 መካከል የሚገባው 曜 18 ጭረት ስላለው ለጊዜው በሂራጋና よう ብላችሁ ጻፉት፤ እሑድ 日よう日 ይሆናል። ያው 日 መጀመሪያ ላይ «ኒቺ»፣ መጨረሻ ላይ «ቢ» ሲባል ታያላችሁ፤ ብቻውን ሲቆም ደግሞ «ሂ» ነው። የንባብ ዝርዝር በቃል መያዝ የማይጠቅመው ለዚህ ነው። እያንዳንዱን ካንጂ በአንድ ቃል ውስጥ ያዙ፣ ሁለተኛው ንባብ ከሁለተኛው ቃል ጋር ይምጣ።

口ን እንደ ሳጥን በአራት ጭረት የሚጽፍ ብዙ ነው። ሦስት ነው፦ ግራው ወደ ታች፣ ከዚያ ላይኛውና ቀኙ በአንድ ጭረት ታጥፈው፣ በመጨረሻ ታችኛው ይዘጋል። 日ም እንዲሁ ነው፤ የመካከሉ መስመር ከመዘጋቱ በፊት ይገባል።