ኮሜንቱ የት ገባ? «ለሕፃናት» ስለተባሉ የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ጥያቄና መልስ

ከዳንግላ፦ የእናቴን ተረት ቀርጬ ጫንኩ። ኮሜንቱ ጠፋ፣ እኔ አልዘጋሁትም።

መልስ፦ ባለቤቱ ኮሜንት ብቻ ሲዘጋ የማሳወቂያ ደወሉ ይሠራል። ቪዲዮው ለሕፃናት ከተባለ ግን ኮሜንቱን ዩቲዩብ ራሱ ይዘጋዋል፣ ደወሉም አይነካም፣ መጨረሻ ላይ የምታስቀምጫቸው ሌሎች ቪዲዮዎችም አይመጡም። አንቺ ባለቤት ስለሆንሽ መገመት የለብሽም። ስቱዲዮ ግቢ፣ Content ውስጥ ቪዲዮውን ክፈቺና Audience የሚለውን እይው። ያልነካሽው ከሆነ ደግሞ Settings፣ Channel፣ Advanced settings ብለሽ ሂጂ። ብዙ ሰው ቻናል ሲከፍት እዚያ «አዎ፣ ለሕፃናት ነው» ብሎ ይረሳዋል፣ ከዚያ ቪዲዮው ሁሉ አብሮ ይያዛል። ኮሜንት ለማግኘት ብለሽ ግን እንዳትዋሺ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ለሕፃናት አይደለም ካልኩ 18+ ይሆንብኛል?

መልስ፦ አይሆንም። የዕድሜ ገደብ ሌላ ምርጫ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ ልጅ ከታየበት ለሕፃናት ነው፣ አለቀ። የሰፈር ልጆች ገና ሲጫወቱ ቀርጬ እንደዚያው ነው ያደረግኩት።

መልስ፦ ግማሹን ይዘኸዋል። ልጅ መታየቱ አንድ ምልክት ነው፣ ብቻውን ግን አይወስንም። ዋናው ለማን እንደሠራኸው ነው። ስለ ገና ጨዋታ ለአዋቂ እያስረዳህ ከሆነ ለሕፃናት አይደለም። ፊደል በዘፈንና በአሻንጉሊት የምታስቆጥር ከሆነ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ስንት ብር ያስቀራል?

መልስ፦ በተመልካቹ ፍላጎት የሚመረጥ ማስታወቂያ አይወጣበትም፣ ስለዚህ ገቢው ሊቀንስ ይችላል። ቁጥር አትጠይቁኝ።

ከቡሬ፦ ይህን ምርጫ ያመጣው የአሜሪካ ሕግ ነው፣ ጎጃም ቁጭ ብዬ ምን አገባኝ?

ከፍኖተ ሰላም፦ እውነቱን ነው! «አይደለም» በልና ኮሜንትህን ክፈት።

መልስ፦ ኧረ ተው! ሰው ገደል አትክተት። ጉግልና ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የልጆችን መረጃ ያለወላጅ ፈቃድ ሰበሰባችሁ ተብለው 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፣ ከዚያ ወዲህ የትም አገር ብትሆን ለማን እንደሠራህ ማሳወቅ አለብህ። ከዋሸህ ዩቲዩብ ራሱ ምልክቱን ያደርግበታል። ያኔ መልሰህ መቀየር አትችልም፣ አቤት ማለት ብቻ ነው የቀረህ። አትዋሹ አልኩ።

ከመርጦ ለማርያም፦ የኔም አልሠራ አለኝ።

መልስ፦ ምኑ? ደወሉን አየኸው? ከላይ ያለውን ሳታነብ አትጠይቀኝ።

ከዳንግላ፦ አየሁት፣ የቻናሉ ምርጫ «አዎ» ላይ ነበር! ግን እናቴ እንዝርቷን ይዛ «ልጆች፣ ተረት ተረት» ብላ ነው የምትጀምረው። የሚያዩት ደግሞ አብዛኞቹ ውጭ አገር ያሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ ተረት የልጅ ነው፣ ተይው።

ከቡሬ፦ አያቴ ለቅሶ ቤት ለሽማግሌ ነበር የሚተርተው!

መልስ፦ መጀመሪያ የቻናሉን ምርጫ አንሺውና እያንዳንዱን ቪዲዮ ለየብቻ ወስኚ። ያንን ተረት በተመለከተ እኔም ቆርጬ አልነግርሽም። እናትሽ ካሜራውን እያየች የምታናግረው ማንን ነው? እሷን ጠይቂያት።