ሰዓቱ እኩል ነበር፤ ፈተናው ግን እኩል አልነበረም

ጥያቄ፦ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ለሪፖርትና ክትትል ባለሙያ መደብ ካመለከቱት መካከል አንዲት ማየት የተሳናት ሴት ነበረች። የጽሑፍ ፈተናው 40 ጥያቄ፣ ሰዓቱ 60 ደቂቃ፣ ማለፊያው 28 ነው። አንድ ሠራተኛ መድበን አነበበላት። 26ኛው ጥያቄ ላይ ሰዓት አለቀ፤ 24ቱን በትክክል መልሳለች። አላለፈችም። አሁን አቤቱታ አስገብታለች። እኛ ለሁሉም እኩል ሰዓት ነው የሰጠነው። ታዲያ ጥፋታችን ምኑ ላይ ነው? ማስታወቂያውንና የቃለ መጠይቅ ነጥብ መስጫ ቅጹን አያይዣለሁ።

መልስ፦ ጥፋቱ እዚያው «እኩል ሰዓት» ላይ ነው።

ውጤቷን እንደገና ይዩት። ከደረሰችባቸው 26 ጥያቄዎች የሳተችው ሁለት ብቻ ነው። የቀሩት 14 ጥያቄዎች ስለ ዕውቀቷ ምንም አልነገሯችሁም፤ አላየቻቸውማ። ሌሎቹ ተፈታኞች አራቱን ምርጫዎች በዓይናቸው መለስ ቀለስ እያሉ ያነጻጽራሉ። እሷ ግን አራቱንም በቃሏ መያዝ፣ «እስቲ ሁለተኛውን ድገምልኝ» ማለት፣ አንባቢው ገጽ እስኪገልጥ መጠበቅ ነበረባት። ፈተናው የለካው የአንባቢውን ፍጥነት ጭምር ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቋል። አንቀጽ 27 በምልመላና በቅጥር ወቅት መድልዎን ይከለክላል። አንቀጽ 2 ደግሞ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ለሰውየው የሚያስፈልገውን ማስተካከያ፣ መንፈግ ራሱ መድልዎ ነው ይላል። የማመቻቸቱ ገደብ በአሠሪው ላይ ያልተመጣጠነ ጫና መፍጠሩ ነው። ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ጫና ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። «ክፉ ሐሳብ አልነበረንም» ማለትም ብዙ አያዋጣም፤ የሚታየው ውጤቱ ነው። «አልጠየቀችንም» እንዳትሉ ደግሞ አንባቢ መመደባችሁ ችግሩን እንደምታውቁ ያሳያል።

ለአቤቱታው መልስ ከመጻፍዎ በፊት ቅጥሩን ያቁሙትና ይደውሉላት። «ፈተናውን በምን መንገድ ብንሰጥሽ ይመችሻል?» ብለው ይጠይቋት። ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ስክሪን ሪደር የምትሠራ ከሆነ ክብደቱ እኩል የሆነ ሌላ ፈተና በጽሑፍ ፋይል ይስጧት፤ ሰዓቱንም አብራችሁ ወስኑ። የማለፊያ ነጥቡን ግን አይቀንሱላት። እሷም ያንን አልጠየቀችም። የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ይያዙት።

አሁን ወደ ማስታወቂያው። ያያያዙልኝ ፎቶ ነው። ስክሪን ሪደር ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍን እንደ ጽሑፍ አያገኘውም። ለማረጋገጥ ጣትዎን አንድ ቃል ላይ ተጭነው ይያዙ፤ ቃሉ ካልተመረጠልዎ ለስክሪን ሪደሩም ጽሑፍ አይደለም ማለት ነው። እሷ ምናልባት ሰው አንብቦላት ይሆናል። ሰው ያላነበበላቸው ግን መኖራችሁንም አላወቁም። ማስታወቂያውን ሁልጊዜ በጽሑፍ አውጡት።

«ሙሉ ጤንነት ያለው/ያላት» የሚለውን ሰርዙት፤ የትኛውንም የሥራ ተግባር አይገልጽም። «መንጃ ፈቃድ» የሚለው የበለጠ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ተራ መስፈርት ይመስላል። የሥራ ዝርዝራችሁ ባለሙያው በወር ሁለት ጊዜ የሥራ ቦታዎችን ይጎበኛል ነው የሚለው። ሥራው መድረስ እንጂ መንዳት አይደለም። ስለዚህ «በወር ሁለት ጊዜ ለጉብኝት መጓዝ የሚችል/የምትችል» ብላችሁ ጻፉ። ሾፌር ስትቀጥሩ ግን መንጃ ፈቃድ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው።

ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ለፈተናው ወይም ለቃለ መጠይቁ ማመቻቸት ካስፈለግዎ በስልክ ወይም በጽሑፍ ያሳውቁን»። ስልክ ብቻ ከሆነ መስማት የተሳነው አመልካች ይቀራል። ለፈተና ስትጠሩም ፈተናው በወረቀት ይሁን በኮምፒውተር፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ንገሯቸው። ሰው የሚጠብቀውን ካላወቀ ምን እንደሚያስፈልገው ሊነግራችሁ አይችልም።

ቃለ መጠይቁ ላይ «ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው?» ወይም «ማን ያመላልስሻል?» የሚል ጥያቄ አይነሳ። በአሜሪካ ሕግ ቀጣሪ የሥራ ቅጥር ሐሳብ ከማቅረቡ በፊት ስለ አካል ጉዳት መጠየቅ አይችልም፤ የእንግሊዝ ሕግም ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ስለ ጤና መጠየቅን ይገድባል። ስለ ሥራው ግን ጠይቁ፦ «ከሦስት ቦታ የመጣ ሪፖርት በአንድ ቀን ማጠቃለል ቢኖርብሽ እንዴት ትሠሪዋለሽ?» ይህንኑ ጥያቄ ለሁሉም አቅርቡ።

የነጥብ መስጫ ቅጹ ላይ «አቀራረብና የዓይን ግንኙነት፣ 10 ነጥብ» የሚል አለ። ፈተናውን ብታልፍ ኖሮ እዚህ ትወድቅ ነበር። አስሩን ነጥብ ሪፖርት ናሙና ላይ ለምትሰጠው አስተያየት ስጡት። ይህን ማስተካከያ ድጋሚ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ጨርሱና ለሁሉም ተፈታኞች አንድ ዓይነት ቅጽ ተጠቀሙ።